ፋብሪካው የፈንድ ሆኗል ሲባል በምን ይታወቃል? ባለቤቱስ ማን ነው?

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ ለአንድ የምግብ ፋብሪካ ካርቶን በዱቤ አቀርባለሁ። ባለቤቱን ለዓመታት አውቃቸዋለሁ፤ ቃላቸው ይበቃኝ ነበር። አሁን ፈንድ ገዝቶታል ይባላል፤ ግን በሩ ላይ ያለው ስምም ውስጥ ያሉት ሰዎችም ያው ናቸው። ክፍያው ከ30 ቀን ወደ 90 ቀን ይዙር ብለው ደግሞ አዲስ ውል አምጥተዋል። ወሬው እውነት መሆኑን በምን ላረጋግጥ? እውነት ከሆነስ ባለቤቱ ማን ነው ልበል?»

ምላሽ፦

በሩ ላይ ካለው ስም አይነሡ። ፈንድ ማለት ከብዙ ባለገንዘቦች ገንዘብ ሰብስቦ ኩባንያ እየገዛ በኋላ የሚሸጥ ሽርክና ነው። ፋብሪካ ሲገዛ ስሙንም አብሮ ገዝቷል፤ ገበያው የለመደውን ስም የሚቀይርበት ምክንያት የለውም። ከንግድ ፈቃዱም አይነሡ። እዚያ ላይ የሚያገኙት የሥራ አስኪያጁን ስም ነው፤ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ አንድ በመቶ ድርሻ እንኳ የሌለው ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል። የቀድሞው ባለቤት ቢሮአቸው ውስጥ መቀመጣቸውም ብዙ አይነግርዎትም። ፈንዶች መሥራቹን ጨርሶ ማስወጣት አይወዱም። ገበያውን፣ ሠራተኛውን፣ እርስዎንም የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ የተወሰነ ድርሻ ይዘው ሥራውን እየመሩ እንዲቆዩ ይፈለጋል።

ባለቤትነት የሚነበበው ከመመሥረቻ ጽሑፉ ነው። ፋብሪካው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ እያንዳንዱ አባል በስሙ፣ ከነድርሻው እዚያ ይሰፍራል። ድርሻ ሲተላለፍም ጽሑፉ በቃለ ጉባኤ ይሻሻልና በሰነዶች ማረጋገጫ ተረጋግጦ ወደ ንግድ መዝገብ ይገባል። በዱቤ የሚያቀርብ ነጋዴ ይህንን ሰነድ መጠየቁ ነውር የለውም። ደብዳቤ ጽፈው ለፋይናንስ ክፍሉ ያስገቡ፤ የመጨረሻውን ማሻሻያ ከነቃለ ጉባኤው ይጠይቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «የመመሥረቻ ጽሑፍ ስጡኝ» ብቻ ካሉ መጀመሪያ ፋብሪካው ሲቋቋም የተጻፈውን ኮፒ ይሰጡዎታል፤ በእሱ ላይ አሁንም ባለቤቱ የሚያውቋቸው ሰው ናቸው። ስለዚህ የማረጋገጫ ማኅተሙን ቀን ይዩ። ፈንድ ገባ ከተባለበት ጊዜ በፊት ያለ ቀን ከሆነ ሰነዱ ለጥያቄዎ መልስ አይሆንም።

ፋብሪካው አክሲዮን ማኅበር ከሆነ መንገዱ ትንሽ ይለያል። የመመሥረቻ ጽሑፉ የሚነግርዎት መሥራቾቹን ነው፤ ከዚያ በኋላ የገዙትና የሸጡት ሰዎች ያሉት ኩባንያው ራሱ በሚይዘው የባለአክሲዮኖች መዝገብ ውስጥ ነው። የሚጠይቁትም የዚያን መዝገብ ቅጂ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን የኦዲት ሪፖርቱን ቢያገኙ ይሻላል። በአገራችን ኩባንያዎች ሂሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች እንዲያቀርቡ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ተደንግጓል። በእነዚህ ደረጃዎች መሠረት አንድ ኩባንያ የእናት ኩባንያውን ስም፣ ከእሷም በላይ የመጨረሻው ተቆጣጣሪ ማን እንደሆነ በሪፖርቱ ማብራሪያዎች ውስጥ መግለጽ አለበት። ስለዚህ ሪፖርቱ እጅዎ ሲገባ ትርፉ ላይ ከማፍጠጥዎ በፊት ወደ ኋላ ገጾች ይሂዱና ስለ ተዛማጅ ወገኖች የሚናገረውን ማብራሪያ ይፈልጉ። መመሥረቻ ጽሑፉ የሚያሳየው አንድ ደረጃ ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ይህ ማብራሪያ በአግባቡ ከተጻፈ እስከ ጫፉ ያደርስዎታል። ያው ማብራሪያ ሌላም ነገር ያሳያል፦ ፋብሪካው ከባለቤቱ የተበደረው ገንዘብ ካለ። ፈንዶች ገንዘባቸውን ግማሹን በአክሲዮን፣ ግማሹን በብድር መልክ ማስገባታቸው የተለመደ ስለሆነ ባለቤቱ አበዳሪም ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ይህ እርስዎን ይመለከታል፤ ገንዘብ ሲጠፋ ከእርስዎ ጋር ከሚሰለፉት ዕዳ ጠያቂዎች አንዱ ራሱ ባለቤቱ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን የተሻሻለው ጽሑፍ ደርሶዎት ሲከፍቱት አብዛኛው ድርሻ በአንድ የውጭ ኩባንያ ስም ተመዝግቧል እንበል። ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ «አንድ የሞሪሸስ ኩባንያ ገዛው» ብሎ ያቆማል። ያ ኩባንያ ግን ብዙውን ጊዜ ገዢው አይደለም፤ ገዢው ገንዘቡን ያሳለፈበት መተላለፊያ ነው። መተላለፊያ መሆኑን የሚለዩበት መንገድ አለ። ስሙን ይመልከቱ፦ ዱቄት፣ ዘይት፣ ቢራ የሚል ነገር የለበትም፤ «ሆልዲንግስ»፣ «ኢንቨስትመንትስ»፣ «ቢድኮ» በመሳሰለው ያልቃል። የተቋቋመበትን ቀን ይመልከቱ፦ ፋብሪካው ከመገዛቱ ጥቂት ወራት በፊት ከሆነ ለዚህ ግዢ ተብሎ የተወለደ ነው። አድራሻውን ኢንተርኔት ላይ ይጻፉት፦ በዚያው አድራሻ ብዙ ኩባንያዎች ከወጡ የሌሎችን ኩባንያ ወረቀት በክፍያ የሚያስተዳድር ድርጅት ቢሮ ነው። በዳይሬክተርነት የተጻፉት ሰዎችም አያሳስቱዎ። ሞሪሸስ ለዓለም አቀፍ ሥራ ፈቃድ የምትሰጣቸው ኩባንያዎች ቢያንስ ሁለት ነዋሪ ዳይሬክተሮች እንዲኖሯቸው ስለምትፈልግ፣ ስማቸው የተጻፈው ሁለት ሰዎች በሙያቸው ተከፍሏቸው የተቀመጡ ናቸው እንጂ ባለሀብቶች አይደሉም።

ይህ ሁሉ ሕገወጥነትን አያመለክትም። ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ ገንዘብ በአንድ ቦታ ገብቶ በአንድ ቦታ እንዲወጣ፣ አለመግባባት ሲነሳም ሁሉም በሚያውቀው ሕግ እንዲዳኝ ተብሎ የሚሠራ ነው። ሆኖም መተላለፊያ ኩባንያ ያለው ሁሉ የፈንድ ንብረት ነው ማለትም አይደለም። ትልቅ የቢራ ወይም የምግብ ቡድንም በሆላንድ ኩባንያ በኩል ይገባል፤ ቤተሰብም ሀብቱን በሆልዲንግ ይይዛል። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስም ስሙ ይመሳሰል እንጂ የመንግሥት ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው አንድ ደረጃ ከፍ ብለው ሲያዩ ነው። ከመተላለፊያው በላይ ያለው ነገር ራሱ የሚያመርት፣ የሚሸጥ ድርጅት ከሆነ ገዢው የሙያ ባልንጀራ ነው፤ ለመቆየት የመጣ ነው። ከመተላለፊያው በላይ ያለው ነገር በስሙ መጨረሻ ላይ ተራ ቁጥር ያለው ፈንድ ከሆነ፣ ወይም ስሙ LP ወይም SCSp በሚሉ ፊደላት ካለቀ፣ ያ የሽርክና ፈንድ ነው። ፈንድ የሚገዛው ሊሸጥ ነው።

ያንን አንድ ደረጃ ለመውጣት መዝገብ ቤቶች እምብዛም አይረዱዎትም። ሞሪሸስ የእነዚህን ኩባንያዎች ባለአክሲዮኖች ለሕዝብ አትገልጥም። አውሮፓ ውስጥ የእውነተኛ ተጠቃሚዎች መዝገብ ለማንም ክፍት ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የግል ሕይወትን ይነካል ብሎ ከወሰነ በኋላ ሉክሰምበርግና ሆላንድ ዘግተውታል። ብሪታንያ ግን አሁንም በነፃ ታሳያለች፤ ፈንዱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ለንደን የተመዘገበ ከሆነ ከ25 በመቶ በላይ የያዙትን ሰዎች ስም ያገኛሉ።

ወደ እኛ አገር የሚመጡትን ፈንዶች ለማወቅ ከመዝገብ ቤት የሚሻል በር አለ። አፍሪካ ላይ የሚሠሩ ፈንዶች ብዙዎቹ ከመንግሥታት የልማት ፋይናንስ ተቋማት ገንዘብ ይወስዳሉ፦ ከዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን፣ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ሲዲሲ ይባል ከነበረው፣ አሁን ቢአይአይ ከሚባለው የብሪታንያው ተቋም፣ ከኖርዌዩ ኖርፈንድ፣ ከሆላንዱ ኤፍኤምኦ፣ ከፈረንሣዩ ፕሮፓርኮ። የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ የትኛው ፈንድ ውስጥ እንዳስገቡ ያሳውቃሉ፤ የብሪታንያው ደግሞ ፈንዱ የገዛቸውን ኩባንያዎች ጭምር በድረ ገጹ ይዘረዝራል። ስለዚህ የፋብሪካውን ስም በእንግሊዝኛ ፈቃዱ ላይ እንደተጻፈው አድርገው፣ PLC የሚለውን ትተው፣ እንዲህ ይፈልጉ፤ company name በሚለው ቦታ የፋብሪካውን ስም ያስገቡ፦

```
"company name" Ethiopia "private equity"
site:bii.co.uk "company name"
site:disclosures.ifc.org "company name"
```

በፋብሪካው ስም ካልወጣ የመተላለፊያውን ኩባንያ ስም ያስገቡ። ግዢው ከአንድ በላይ የኮሜሳ አገሮችን የሚነካ ሲሆን የኮሜሳ የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ማስታወቂያ ያወጣል፤ በማስታወቂያው ውስጥ ከመተላለፊያው ጀርባ ያለው ፈንድ ማን እንደሚያስተዳድረው ተጽፎ ይገኛል። በመጨረሻም የፈንዱን አስተዳዳሪ ድረ ገጽ ይክፈቱና ኩባንያው «የያዝናቸው» በሚለው ስር ነው ወይስ «የወጣንባቸው» በሚለው ስር የሚለውን ይዩ። ብዙ ድረ ገጾች ዘግይተው ስለሚታደሱ ከዜናው ቀን ጋር ያስተያዩት።

ይህ ሩቅ ነገር እንዳይመስልዎ። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ባቱ ያለውን አፍሪፍሎራ ሼር የአበባ እርሻ ያውቁታል። በሆላንዳውያን ቤተሰብ የተቋቋመ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ኬኬአር የተባለው የአሜሪካ ኢንቨስተር ገንዘብ አስገባበት፤ ለኬኬአር በአፍሪካ የመጀመሪያው ኢንቨስትመንት ነበር። በ2017 ደግሞ የአሜሪካው ሰን ካፒታል ፓርትነርስ የአውሮፓ ክንፍ፣ ሰን ዩሮፒያን ፓርትነርስ፣ መግዛቱ ተነገረ። በሁለቱ ዜናዎች መካከል ሦስት ዓመት ገደማ ነው ያለው። በሁለቱም ጊዜ ግን ስሙ አፍሪፍሎራ ሼር ነበር፤ አበባው የሚበቅለውም በዚያው መሬት ነበር። አዋሽ ወይን ጠጅም በ2013 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ወደ ግል ሲዛወር አንዱ ገዢ ኤይት ማይልስ የተባለው የለንደን ፈንድ ነበር፤ የገዛውም ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሆኖ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም ብቻ ላነበበ ሰው ይህ አይታይም።

እንግዲህ ፈንድ መሆኑ ተረጋገጠ እንበል። ባለቤቱ ማን ነው? እዚህ ላይ ቆም ብሎ በቁጥር ማየት ይጠቅማል፤ መልሱ አንድ ስላልሆነ።

ለምሳሌ ያህል፣ የፋብሪካው 75 በመቶ በመተላለፊያው ኩባንያ፣ 25 በመቶው በመሥራቹ እጅ ነው እንበል። መተላለፊያው ሙሉ በሙሉ የፈንዱ ነው። ፈንዱ ውስጥ ገንዘብ ካስገቡት መካከል ትልቁ አንድ የመንግሥት ልማት ተቋም ነው፤ 30 በመቶ አለው። አንድ የጡረታ ፈንድ 20 በመቶ አለው። ሌሎች ብዙዎች ቀሪውን ተከፋፍለውታል። ፈንዱን የሚመራው ድርጅት ከራሱ ኪስ ያስገባው 2 በመቶ ብቻ ነው። አሁን ወደ ፋብሪካው እናውርደው። የልማት ተቋሙ ድርሻ 75 በመቶ ሲባዛ በ30 በመቶ፣ 22.5 በመቶ ይሆናል። የጡረታ ፈንዱ 15 በመቶ። አስተዳዳሪው 1.5 በመቶ።

የሚገርመው ይኸውልዎት፦ በገንዘብ ከቆጠርን ከሁሉም የበለጠ ድርሻ ያላቸው እርስዎ የሚያውቋቸው ሰው ናቸው፤ 25 በመቶ። በውሳኔ ከቆጠርን ደግሞ 1.5 በመቶ ያለው አስተዳዳሪ የመተላለፊያውን 75 በመቶ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይሰጣል። ገንዘብ ያስገቡት ተቋማት ድምፅ የላቸውም። የሽርክናው ውል እንዲህ ነው የሚለው፦ ገንዘብ አስገቢው በዕለት ሥራ ውስጥ አይገባም፤ በምላሹም ካስገባው ገንዘብ በላይ አይጠየቅም። የሚያስተዳድረው ደግሞ ይወስናል፤ ለዚህም በተለምዶ በዓመት ከገንዘቡ 2 በመቶ ገደማ ክፍያ፣ ለገንዘብ አስገቢዎቹ ብዙ ጊዜ በዓመት 8 በመቶ የሚሆን ትርፍ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ከትርፉ 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል።

«የእገሌ ፈንድ ገዛው» ሲባል ታዲያ የእገሌ ድርጅት ሀብቱን አፈሰሰበት ማለት አይደለም። ኬኬአር ራሱ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ነው፤ በዚያ ገበያ አክሲዮኑን የገዛ ሰው ግን ኬኬአር በሚያስተዳድራቸው ፈንዶች የተያዙትን ፋብሪካዎች ባለቤት አልሆነም። የኬኬአር ባለቤት፣ የፈንዱ ባለቤትና የፋብሪካው ባለቤት ሦስት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው።

ባንኮች ደንበኛቸውን ሲመዘግቡ እውነተኛውን ተጠቃሚ ሰው ለይተው እንዲያውቁ ይጠየቃሉ፤ በብዙ አገሮች መለኪያው 25 በመቶ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ከመተላለፊያው በስተጀርባ ይህንን የሚያልፍ አንድም ሰው የለም። በዚህ ጊዜ ቅጹ ላይ የሚሞላው ውሳኔ የሚሰጠው ሰው፣ እሱም ካልታወቀ የአስተዳዳሪው ድርጅት ከፍተኛ ኃላፊ ስም ነው። ስለዚህ በአንድ መዝገብ ላይ የአንድ ነጭ ስም አይተው «ባለቤቱ ይህ ነው» የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ ሰውየው የተጻፈው ስለሚፈርም ነው እንጂ ሀብቱ የእሱ ስለሆነ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፈንድ «ገባበት» እና ፈንድ «ገዛው» አንድ አይደሉም። በአገራችን ብዙዎቹ ግዢዎች ለማስፋፊያ የሚገባ ገንዘብ ናቸው፤ ፈንዱ 30 ወይም 40 በመቶ ብቻ ሊይዝ ይችላል። ታዲያ መሥራቹ በወረቀት አብላጫውን ቢይዙም በባለአክሲዮኖች መካከል የሚፈረም፣ መዝገብ ቤት የማይገባ ሌላ ስምምነት ይኖራል። በዚያ ስምምነት በጀት ማጽደቅ፣ ብድር መውሰድ፣ ሥራ አስኪያጅ መሾም፣ ከተወሰነ መጠን በላይ ውል መፈረም ያለ ፈንዱ ፈቃድ አይሆንም ይባላል። ብዙ ጊዜም ፈንዱ ሲሸጥ ሌላውን ባለአክሲዮን አብሮ እንዲሸጥ የማስገደድ መብት ይይዛል። ያንን ስምምነት ማንም አያሳይዎትም። ጥላውን ግን ያዩታል፦ የፋይናንስ ኃላፊው አዲስ ይሆናል፣ በየወሩ ሂሳብ ይዘጋል፣ ግዢ በሦስት ዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ይሆናል፣ መሥራቹ ድሮ እዚያው ይወስኑት የነበረውን ነገር «ለቦርድ ይቅረብ» ማለት ይጀምራሉ። የ90 ቀኑም ነገር ከዚህ ጎራ ነው።

እንየው። በወር የ4 ሚሊዮን ብር ካርቶን ያቀርባሉ እንበል። በ30 ቀን ሲከፈልዎ ፋብሪካው ላይ በማንኛውም ጊዜ ያለዎት ገንዘብ 4 ሚሊዮን ነው። በ90 ቀን 12 ሚሊዮን ይሆናል። መሐል ያለው 8 ሚሊዮን ብር ከእርስዎ ኪስ ወጥቶ በፋብሪካው ባንክ ሂሳብ ይቀመጣል፤ ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣ። ለፈንዱ ይህ ከባንክ ሳይበደሩ ማሽን መግዣ ማግኘት ነው። ክፋት አይደለም፤ ሥራው ነው። ዋጋውን ማወቅ ግን የእርስዎ ሥራ ነው። ባንክ በዓመት 18 በመቶ የሚያበድርዎ ከሆነ የተጨመረው 60 ቀን ወደ 3 በመቶ ያስወጣዎታል። ስለዚህ 90 ቀን ከተባለ ዋጋው 3 በመቶ ይጨምር፣ አለዚያ ቀኑ ይቀነስ ብለው በቁጥር ይነጋገሩ። አዲሱ የፋይናንስ ኃላፊ በቁጥር የመጣን ሰው ያዳምጣል፤ በድሮ ወዳጅነት የመጣን ግን ወደ መሥራቹ ይልከዋል፤ መሥራቹ ደግሞ ከእንግዲህ ብቻቸውን አይወስኑም።

ከባለቤትነቱ የሚከተል ሌላው ትልቅ ነገር ጊዜ ነው። ፈንድ ዕድሜ አለው። በተለምዶ አሥር ዓመት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት መግዣ፣ የቀሩት መሸጫ፤ ካላለቀ አንድ አንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ይራዘማል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ፋብሪካው መቼ ተገዛ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ፈንዱ መቼ ተቋቋመ የሚለውም ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ፈንድ በ2021 ፋብሪካውን ከገዛ ዕድሜው በ2028 ያልቃል፤ ቢራዘም 2030። ስለዚህ ከ2026 ጀምሮ የሚያዩት ለውጥ ሁሉ ለሽያጭ ማሳመር ሊሆን ይችላል። የፈንዱ ስም ላይ ያለው ተራ ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ነው። አንድ አስተዳዳሪ ሁለተኛና ሦስተኛ ፈንድ ቢኖረው ኪሳቸው የተለያየ ነው። የሦስተኛው ፈንድ ገንዘብ አስገቢዎች የሁለተኛውን ፋብሪካ የማዳን ግዴታ የለባቸውም። «ብዙ ገንዘብ ያለው ድርጅት ነው፣ አይጥለውም» የሚለው ወሬ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽያጩም ላይ ወጥመድ አለ። ፈንዱ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው የአዳማውን ማኅበር ድርሻ ሳይሆን ከላይ ያለውን መተላለፊያ ኩባንያ ነው። አገር ቤት ባለው መመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ያው የሞሪሸስ ኩባንያ ስም፣ ያው 75 በመቶ ይቀጥላል፤ ከጀርባው ያለው ሰው ግን ተቀይሯል። ከዓመት በፊት ያዩትን ሰነድ ይዘው «ባለቤቱ አልተለወጠም» ማለት አይችሉም።

አሁን ወደ ውሉ። ባለዕዳዎ ማን እንደሆነ አይጠራጠሩ፤ ፈንዱም፣ መተላለፊያውም፣ መሥራቹም አይደሉም፤ የአዳማው ማኅበር ብቻ ነው፣ የሚከፍለውም ካለው ንብረት ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ የማኅበሩ ሙሉ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ እንዳለው ይጻፍ። የሚፈርመው ሰው ሥልጣን እስከ ስንት ብር እንደሆነ የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ወይም ውክልና ይጠይቁ፤ ፈንድ ከገባ በኋላ የፊርማ ጣሪያ ስለሚወርድና ሁለት ፊርማ ስለሚጠየቅ የድሮው ፊርማ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ፈንዱ ዋስ እንዲሆን ቢጠይቁ እምቢ ይላል፤ ሌሎቹን ኩባንያዎቹን ለአንዱ ዕዳ እንዳያጋልጥ ገንዘብ አስገቢዎቹ የሚከለክሉት ስለሆነ እምቢታውን እንደ መጥፎ ምልክት አይቁጠሩት። በምትኩ የዱቤ ጣሪያ በብር ያስቀምጡ፤ ለምሳሌ ያልተከፈለው 6 ሚሊዮን ሲደርስ አቅርቦት ይቆማል የሚል።

የማኅበሩ ንብረት ለሌላ ተይዞ እንደሆነም ያጣሩ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ያለ መያዣ በብሔራዊ ባንክ ስር ባለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይመዘገባል። ማሽኑ፣ ክምችቱና ተሰብሳቢ ሂሳቡ በሙሉ በባንክ ስም ከተያዘ፣ እርስዎ በ90 ቀን የሚጠብቁት የተረፈውን ነው። ይህንን ካዩ ከ30 ቀን በላይ አይስማሙ።

ለባለቤትነት ለውጡ ደግሞ ይህን አንቀጽ ያስገቡ፦ «የገዢው ድርጅት ቁጥጥር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ባለ እናት ኩባንያ በኩል፣ ወደ ሌላ ወገን ሲተላለፍ ገዢው በ10 ቀን ውስጥ ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ሻጩም ያልተከፈለው ዕዳ በ30 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ የመጠየቅና ቀጣዩን አቅርቦት በቅድሚያ ክፍያ የማድረግ መብት አለው።» «በተዘዋዋሪ» የሚለውን ቃል እንዲያወጡ ቢጠይቁዎ አይስማሙ፤ ያለ እሱ አንቀጹ ከላይ ያለውን ሽያጭ አይነካም። በሌላ በኩል «ያለ ሻጩ ፈቃድ ባለቤትነት አይተላለፍም» የሚል ለማስገባት አይድከሙ፤ መውጫውን የሚዘጋ ቃል ፈንዱ በጭራሽ አይፈርምም። ማሳወቅንና ሂሳብ መዝጋትን ግን ብዙውን ጊዜ ይቀበላሉ፤ ገዢ ሲመጣ የአቅራቢዎች ዕዳ ጠርቶ መታየቱ ለእነሱም ስለሚጠቅም።